ከፊደሉ በፊት ጆሮው ይቅደም፦ ለባሕር ማዶ ወላጆች ከሐይቅ የተላከ ምክር

ሪያድና ጅዳ፣ ዱባይና ቤይሩት፣ ዋሽንግተንና ሎንዶን ያላችሁ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች፣ የሌላውም አገር ሰዎች፣ ይህ ምክር ለእናንተ ነው። እኔ ሐይቅ ከተማ አንደኛ ክፍል ሳስተምር የሸበትኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ። አሁን ከሐይቅና ከውጫሌ ከተሰባሰብን ጥቂት መምህራን ጋር ሆነን፣ ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ መናገርና ማንበብ በቪዲዮ ጥሪ እናስተምራለን። ልጆቻችሁን ወደ እኛ እንድትልኩልን እፈልጋለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ነገር ግን ለእኛም ሆነ ለሌላ መምህር ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሥራው እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ እንደሚበላሽ እወቁ። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል የሐይቅ ሰው፤ እሾኹ የት እንዳለ ያላወቀ ይታነቃል።

አማርኛ ከልጅ አፍ የሚጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መጀመሪያ ልጁ በአማርኛ ይጠየቃል፣ በእንግሊዝኛ ወይም በዓረብኛ ይመልሳል፣ እናትም «ገብቶታል እኮ» ብላ ታልፈዋለች። ቀጥሎ እናት ራሷ በልጇ ቋንቋ መጠየቅ ትጀምራለች። በመጨረሻ ለልጁ የሚቀሩለት «ና»፣ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ዝም በል» ናቸው፤ ቤት ውስጥ ያለው አማርኛ በሙሉ ትእዛዝ ይሆናል። ትእዛዝ ብቻ የሰማ ልጅ ደግሞ የሚያውቀው እሱ የተጠራበትን ቃል ብቻ ነው።

ይህን ከአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ታሪክ አሳያችኋለሁ። አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የምታድገው፤ እናቷ የአምባሰል ልጅ ናት፣ አያቶቿ ውጫሌ አካባቢ ይኖራሉ። እናቷ ስትጠራት «ነይ» ነው የምትላት። ስለዚህ ልጅቱ በስልክ አያቷን፣ ሽማግሌውን ሰውዬ፣ «አባባ ነይ!» አለቻቸው። ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁት በፍቅር ነበር፤ ልጅቱ ግን ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሲጮህ ወደ መኝታ ክፍሏ መግባት ጀመረች። ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ለሴት፣ ለወንድና ለትልቅ ሰው የሚባለውን ለይታ የምትሰማበት አጋጣሚ ስላላገኘች፣ ያላትን አንዱን ቃል ለሁሉም ሰጠች። እናም የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ልጁ ሲሳሳት አትሳቁ፣ አታቋርጡትም። ትክክለኛውን ቃል በመልሳችሁ ውስጥ አስገቡለት። አያትየው «እሺ እመጣለሁ፤ አንቺስ ‹ይምጡ› ትይኛለሽ?» ቢሏት ኖሮ፣ ልጅቱ ቃሉንም ትይዝ ነበር፣ ስልኩንም አትሸሽም ነበር።

ወደ እኛ ስትመጣ ፊደል አላወጣንም። መጀመሪያ ከመምህርቷ ጋር ቦታ ተለዋወጡ፦ ልጅቱ አዛዥ፣ መምህርቷ ታዛዥ። «ተነሺ»፣ «ኩባያውን አንሺ»፣ «ወንድምሽን ጥሪው» እያለች ማዘዝ ጀመረች። ቀጥሎ ታናሽ ወንድሟ ገባ፤ «ተነሺ» ያለችው አፏ «ተነስ» ማለት ግድ ሆነባት። በሦስተኛው ሳምንት አያትየው ከውጫሌ ሆነው በስልኩ ገቡ፤ በእኛ አገር ለትልቅ ሰው «አንቱ» ነውና «ይነሡ»፣ «ይቀመጡ» መጣ። አንድ ግሥ በሦስት ሰው ላይ ተለማመደች ማለት ነው። የሰዋስው ስም አንድም ቀን አልተነሣም። የመጀመሪያው አንድ ወር ያለቀው በዚህ ነው፤ እናትየውም «መቼ ነው ፊደል የምትጀምሩላት?» እያለች ስትጨነቅ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለን አጽናናናት።

ለምን እንዲህ እንደምንዘገይ ልንገራችሁ። የአማርኛ ጽሕፈት ሁሉንም ድምፅ አያሳይም። «ዋና» የምትለውን ቃል ተመልከቱ። የሐይቅ ልጆች ከውሃው ዳር የሚማሩት ዋና «ና»ው ላልቶ ይነበባል፤ «ዋናው መንገድ» ስንል ግን ጠብቆ ይነበባል። በወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። «ገና» የበዓሉ ስም ሲሆን ይጠብቃል፣ «ገና አልመጣም» ሲሆን ይላላል። «አለ» ተናገረ ሲሆን ይላላል፣ ኖረ ሲሆን ይጠብቃል። ቃሉን በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ፊደሉን ሲያይ ጥብቀቱን ራሱ ይጨምርበታል። በጆሮው የማያውቀው ግን ከሁለት አንዱን ይገምታል፣ ትርጉሙም ያመልጠዋል። ስለዚህ ፊደል ሁሉ እያወቀ የሚያነበው የማይገባው ልጅ ብታዩ ጥፋቱን በፊደሉ አትፈልጉ፤ ቃሉን አስቀድሞ ሰምቶት አያውቅም።

ሁለተኛው የጆሮ ሥራ ጠንከር ብለው የሚወጡት ድምፆች ናቸው፦ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ። እንግሊዝኛ የለመደ ልጅ ጠን በተ፣ ቀን በከ ይተካል። «አባባ መጣ» ለማለት ፈልጎ «አባባ መታ» ይላል፤ ቆዳውንም ኮዳ ያደርገዋል። ልጁ ልዩነቱን በአፉ ከማውጣቱ በፊት በጆሮው መለየቱን መመርመር ያስፈልጋል። እኛ ሁለት ሥዕል እናስቀምጣለን፤ አንዱ በበር የሚገባ ሰው፣ ሌላው ኳስ የሚመታ ሰው። መምህሩ አንዱን ቃል ይናገራል፣ ልጁ በጣቱ ያመለክታል። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ካመለከተ ጆሮው ተከፍቷል ማለት ነው፤ አፉ ይከተላል። ግማሹን ብቻ ካገኘ እየገመተ ነውና «ጠ በል! ጠ በል!» እያሉ ማስጨነቅ ምንም አይጠቅመውም። ድምፁን ለማውጣት ደግሞ መዳፉን አፉ ፊት ያደርጋል፦ «ተ» ሲል ትንፋሽ መዳፉን ይነካዋል፣ «ጠ» ሲል ግን ትንፋሹ ታፍኖ ድምፁ ፍንጥር ብሎ ይወጣል።

እዚህ ላይ ወላጆችን ልቆጣ። ለልጆቻችሁና ለእርስ በርሳችሁ አማርኛን በላቲን ፊደል የምትጽፉት ነገር ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። «መጣ»ም «መታ»ም ስልካችሁ ላይ meta ሆነው ይቀራሉ። እናንተ ቃሉን ስለምታውቁት ከነገሩ ትለዩታላችሁ፤ ልጁ ግን በጆሮው ሊለየው የደከመበትን ነገር በዓይኑ ያጣዋል። ዛሬ በአብዛኛው ስልክ ላይ የአማርኛ መክተቢያ በነፃ ይገኛል። ለአያት የሚላከው «እንዴት አደሩ» በፊደላችን ይሁን። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላልና መጀመሪያ የምታስይዙትን አስተውሉ።

አሁን ወደ ፊደሉ እንግባ። ብዙ ወላጅ «ልጄ ፊደል ጨርሷል» ብሎ ይመጣል። ልጁም ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል። ያቺ የቨርጂኒያዋ ልጅም እንዲሁ ነበረች፤ ከቤተ ክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ቤት ዜማውን በደንብ ይዛዋለች። መምህርቷ ከገበታው መካከል «ሙ»ን ብታሳያት ግን ልጅቱ ከላይ ከሀ ጀምራ በጣቷ እየቆጠረች ወረደች፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ ወደ ጎን አንድ ሄዳ «ሙ» አለች። መልሱ ትክክል ነው። ያደረገችው ግን ቆጠራ ነው፣ ንባብ አልሆነም።

ይህን በሽታ አያቶቻችን ያውቁታል፤ መድኃኒቱንም አዘጋጅተውለታል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ትምህርት ከተከሉበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩበት አካባቢ የመጣሁ ነኝና የየኔታዎችን ሥርዓት ልጥቀስ። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ሀሁን ከቆጠረ በኋላ በቀጥታ ወደ ንባብ አይሄድም። አቡጊዳ ይሰጠዋል። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ፣ ሄ ከኃምሱ፣ ው ከሳድሱ፣ ዞ ከሳብዑ ተለቅመው በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። ረድፉ በሙሉ ተዘባርቋል፤ ዜማው የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ ልጁ እያንዳንዱን ፊደል በመልኩ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። የኔታም ጭራሮ ይዘው አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች እየነኩ ይጠይቁታል። የዛሬ መምህር ጭራሮውን ትቶ ብልሃቱን ቢይዝ ይበቃዋል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ከሀ አንጀምርም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ሆነው ልጁን ገና ከደጃፉ ያደናግሩታልና። ሠላሳ ሦስቱን ቤት በሰባት ስታባዙት 231 ፊደል ነው፤ ያን ሁሉ አንድ ላይ መጫን ለምን? አምስት ቤት ብቻ እንይዛለን፦ በ፣ ለ፣ ሰ፣ መ፣ ነ። ከበ ቤት የምንነሣው መልኩ ሥርዓቱን ስለሚያሳይ ነው። ቡ ከጎኗ ቅጥያ አላት፣ ቢ ቅጥያዋ ከእግሯ ሥር ነው፣ ባ ቀኝ እግሯ ረዝሟል፣ ቤ ከእግሯ ቀለበት አላት። ልጁ ይህን በበ ላይ ካየ ሱን፣ ሲን፣ ሳን፣ ሴን ሳይነገረው ያነባቸዋል። ሳድሱና ሳብዑ ግን ከቤት ቤት መልካቸው ስለሚለያይ አንድ በአንድ መታወቅ አለባቸው። የሚያስቸግሩት እነሱ መሆናቸውን የምታውቁት፣ ልጁ ሌላውን ፈጥኖ እያነበበ «ብ» እና «ቦ» ላይ ሲቆም ነው።

ከአምስቱ ቤት ብቻ ሙሉ ቃላት ይወጣሉ፦ ላም፣ ሎሚ፣ ቡና፣ ሳሙና፣ ስም፣ ሰላም፣ ልብስ። የቨርጂኒያዋ ልጅ እነዚህን በወረቀት ጽፋ ቡናውን በቡናው ጣሳ ላይ፣ ሳሙናውን በመታጠቢያው፣ ልብሱን በቁም ሣጥኑ ለጠፈች። ከሳምንት በኋላ ወንድሟ ወረቀቶቹን እንዲያቀያይራቸው ነገርነው፤ እሷ ደግሞ እያነበበች ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው። ቦታውን ብቻ ሸምድዳ ቢሆን ኖሮ ሳሙናው ላይ የተለጠፈውን «ቡና» «ሳሙና» ብላ ታነበው ነበር። እናንተም ቤታችሁ ይህን ሞክሩ። ሌላም መፈተኛ አለ፦ ትርጉም የሌለው ቃል ጻፉለት፣ ለምሳሌ «ሙሳቢ»። ያለ ችግር ካነበበው ፊደል ያውቃል። ወደሚያውቀው ቃል አጣምሞ «ሙሳ» ካለ ገና መልክ እየገመተ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ የፊደል ምስክር ወረቀት ከመቀበላችሁ በፊት ይህን አረጋግጡ።

«ልብስ» ላይ ሌላ እሾኽ አለ። ሦስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው፤ አንዳንዱ ሳድስ አናባቢ ይዞ ይነበባል፣ አንዳንዱ ሳይዝ። ጀማሪ ልጅ ሦስቱንም አንድ በአንድ እየረገጠ ይቆራርጣቸዋል። ደንቡን ልናስተምረው አንሞክርም። ቀስ ብሎ ካነበበ በኋላ «አሁን እንደምትናገረው በለው» እንለዋለን፤ ቃሉን ስለሚያውቀው ወዲያው ይገጥምለታል። ሐመሩን ሐ ከሃሌታው ሀ፣ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ መለየት ደግሞ የመጨረሻ ሥራ ነው። ልጁ ማንበብ ከቻለ በኋላ የከተማችን ስም ሐይቅ በሐመሩ ሐ እንደሚጻፍ በዓይኑ እየለመደ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ በመምህር ብቻ አይሠራም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላለ ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እናስተምራለን፤ ከዚያ በላይ በስክሪን ፊት ቢቀመጥ ዓይኑ እንጂ ልቡ አይኖርም። በሳምንት አንድ ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ንባብ ይተከላል፤ ንግግር ግን አይተከልም፤ ንግግሩ የእናንተ ድርሻ ነው። ቀላሉ መንገድ ለአንድ ሥራ አንድ ቋንቋ መመደብ ነው፦ እራት በአማርኛ ይሁን፣ ወይም ወደ ትምህርት ቤት የሚኬድበት መኪና በአማርኛ ይሁን። ሁለተኛው ወደ አያት የሚደወለው ስልክ ነው። ልጁን «ሰላም በል» ብላችሁ ስልኩን አትደቅኑበት፤ ምን እንደሚል ስለማያውቅ ያፍራል። አንድ የሚነግረውን ነገር አስቀድማችሁ አስይዙት፤ «ጥርሴ ወለቀ» ትበቃለች። ቀሪውን አያት ያመጡታል። ሪያድና ጅዳ ያላችሁ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት፣ አሜሪካ ያላችሁ የሰንበት ትምህርት ቤት በአቅራቢያችሁ ካለ ልጁን ላኩት፤ ከእድሜ እኩዮቹ ጋር የሚጫወትበትን አማርኛ እኛ በስልክ ልንሰጠው አንችልም።

ስለ ሰዓት ደግሞ ልብ በሉ፤ ብዙ ትምህርት የሚቀረው በእሱ ነው። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን ግን ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ማብቂያ በ7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ በ8 ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ ናት። መምህሩ «ቅዳሜ በ11 ሰዓት» ሲላችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 10፣ ሰዓታቸውን ሲመልሱ ደግሞ 9 ይሆናል። እኛ ሁለቱንም ጽፈን እንልካለን። መብራት ወይም ኔትወርክ በእኛ በኩል ሲቋረጥ ያመለጠው ክፍለ ጊዜ ይካካሳል፤ ድምፅ ብቻ ሲገባ ደግሞ ጊዜውን ለጆሮ ልምምድ እናውለዋለን።

የማንችለውንም ልንገራችሁ። «በክረምት ወደ አገር ቤት ልንሄድ ነው፤ በአንድ ወር አስተምሩልን» የሚሉ ወላጆች በየዓመቱ ይመጣሉ። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆንብናል። በአንድ ወር ሰላምታና ጥቂት ጥያቄ ማስያዝ እንችላለን፤ ከዚያ በላይ ቃል አንገባም። አማርኛ የሚሰማ ልጅ፣ ቤቱ ድርሻውን ከተወጣ፣ ወደ አንድ የትምህርት ዓመት ገደማ አጭር ተረት ቀስ እያለ ያነባል። ጨርሶ የማይሰማ ልጅ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጎረምሳ የሆነውን ደግሞ በግድ አታምጡት፤ ከአያቱ ጋር ሊያወራው የሚፈልገውን ነገር ጠይቁትና ከዚያ እንጀምራለን።

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ነውና መምህርን ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። ግማሽ ሰዓቱን ማን እንደሚናገርበት አስተውሉ። መምህሩ እየተናገረ ልጁ ዝም ካለ፣ ወይም ልጁ መምህሩን ተከትሎ ብቻ ከደገመ፣ መምህሩ የቱንም ያህል የተማረ ይሁን ሌላ ፈልጉ። ይህ በእኛም ላይ ይሠራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ያለ ክፍያ እናደርገዋለን፤ ልጁን እናዳምጠዋለን፣ ምን እንደሚሰማና ምን እንደሚናገር ጽፈን እንሰጣችኋለን። ወረቀቱን ይዛችሁ ሌላ መምህር ጋር ብትሄዱም አንቀየምም።

አብሽሩ፣ ልጆቼ። የቨርጂኒያዋ ልጅ አሁን እሑድ እሑድ ለአያቷ በስልክ ታነብላቸዋለች፤ እሳቸው በተራቸው ሲያነቡ ከተሳሳቱ ደግሞ እሷ ታርማቸዋለች፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። የእናንተንም ልጆች አላህ፣ እግዚአብሔር ያሳድግላችሁ፤ አፋቸውን ይፍታላችሁ፤ ከአያቶቻቸው ጋር ያለ አስተርጓሚ ያነጋግርላችሁ። አሜን በሉ፤ ዛሬ ማታም ከእራቱ ጀምሩ።